«ቃላት ያጥሩኛል» ለምትባለው ሐረግ የቀረበ ውዳሴ

ታሞ መዳን ዛሬም ከባድ ነው፤ ድኖ ማመስገን ግን እጅግ ቀሏል። «በሕመሜ ጊዜ ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ፤ ውለታችሁን ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል፤ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል።» አለቀ። ከሥሩ የተጋጠሙ ሁለት መዳፎች ይለጠፋሉ፣ ይላካል፣ ወደ ቡና ይኬዳል። ይህችን ጽሑፍ መጀመሪያ የደረሳት ሰው አይታወቅም እንጂ ሐውልት በተገባው ነበር። ለጉንፋንም ለቀዶ ሕክምናም ትሆናለች። «በሕመሜ» የሚለውን አንሥቶ «በሐዘኔ» ወይም «በሠርጌ» ቢተኩባት ቅር አይላትም። እንደ ጅማ በርጩማ ነች፤ ማን ቢቀመጥባት አትጠይቅም።

እኔ በዚህ ሙያ በሰፈራችን ስም አለኝ። ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ መጀመሪያ ቤቱ ይገባል፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚህ በቀደም ጎረቤቴ መምህሩ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያርሙልኝ» ብሎ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ሲዘረጋልኝ መምጣቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ሁለት ገጽ መሆኑ ነው።

መምህሩ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት 6 ወር መድኃኒት ሲውጥ ከርሟል። ደብዳቤው ባጃጅ ለሚነዳ አብሮ አደጉ የተጻፈ ነው። ዓይኔን ጣል ሳደርግ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት 2 ሰዓት ተማሪ ባጃጅ የሚሻማበት ሰዓት ነው። አንተ ግን 2 ወር ሙሉ በዚያ ሰዓት እኔን ብቻ ጭነህ ጤና ጣቢያ ታደርሰኝ ነበር።»

«‹ውድ፣ ክቡርና የማትረሳ ወንድሜ› የሚለው የት ሄደ?» አልኩት።

«ስሙን ጽፌያለሁ፣ ጋሼ።»

ስም! ስም የተጻፈበት ምስጋና ለሌላ ሰው አይላክም። ደግሞስ ሰዓት መጥቀስ ምን ይሉታል? አንባቢው ቁጭ ብሎ ሊያሰላ ነው፤ ባጃጁ ሦስት ሰው ይጭናል፣ ባለ ባጃጁ በየማለዳው የሦስት ሰው ሒሳብ ትቷል ማለት ነው። ውለታ እንዲህ ተቆጥሮ ከታወቀ ወደፊት ማን ደፍሮ ይቀበላል? ሰረዝኩና «ውድ ጊዜህን መሥዋዕት አድርገህ» የሚል ጻፍኩበት። ጊዜው የስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ውድነቱ ለማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እርጋታ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ ባሰ። «ያን ጊዜ ገና በትንፋሼ ሰው ላይ ላጋባ እንደምችል ነርሷ ነግራሃለች። አንተ ግን አፍንጫህን ይዘህ አልሸሸኸኝም። የባጃጇን የጎን ሸራ ሁለቱንም ጠቅልለህ ነፋስ እያስገባህ ነዳህ። ካፊያ ሲመታህ ‹ዝናቡ ይጥገብብን› ብለህ ሳቅህ። በግቢያችን ሲኒዬ ለብቻው በተቀመጠ ሰሞን አንተ መስኮቱን ከፍተህ ከጎኑ ተቀምጠህ ከእኔ ጋር እስከ ሦስተኛው ጠጣህ።»

እዚህ ላይ ቅር ያለኝን ልናገር። የሳንባ ነቀርሳ በሲኒ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በሽተኛው ሲያስል ከሳንባው በሚወጣውና ሌላው በሚስበው አየር ነው፤ መስኮት መክፈት የሚረዳውም ለዚህ ነው። ባለ ባጃጁ ይህን አውቆ የሚፈራውን ከማይፈራው መለየቱ መልካም። ግን ይህን መጻፍ ሲኒ የለዩትን ሰዎች ማሳፈር አይሆንም? ከለዩት አንዷ ደግሞ ባለቤቴ ነች። አንቀጹን በሙሉ ሰርዤ «ሕመሜን እንደ ራስህ ሕመም ቆጥረህ» አልኩ። ይህ ዓረፍተ ነገር መስኮትም ሲኒም የለበትም፤ ማንንም አያስቀይምም።

ቀጥሎ ደግሞ ሽንት አለ። አዎ፣ ሽንት! «በሁለተኛው ቀን ሌሊት ሽንቴ ብርቱካናማ ሆኖ ባየሁ ጊዜ አለቀልኝ ብዬ ደወልኩልህ። በእንቅልፍ ድምፅ ‹የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ነርሷ ስትነግረን ቆመህ ታንቀላፋ ነበር› አልከኝ።» መምህሩ እውነቱን ነው፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትንም ላብንም እንባንም ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ቀለሙም ጉዳት የለውም። ነገር ግን በምስጋና ደብዳቤ ታሪክ ሽንት ታይቶ ያውቃል? «በጭንቄ ሰዓት አጽናናኸኝ» ብዬ ተካሁት። መምህሩ «ያጽናናኝ እኮ ስድብ የመሰለው ንግግሩ ነው» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። አልሰማሁትም።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የሦስተኛው ወር ነገር ነው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የአክታው ምርመራ ንጹሕ ሆነ፤ አራቱ ዓይነት መድኃኒት ወደ ሁለት ወረደ፤ ሳሉ ጠፋ፣ ሱሪው ጠበበው። መምህሩም ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ትራስ ሥር መደበቅ ጀመረ። ይህን በገዛ እጁ ጽፎታል! «አንተ አልመከርከኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በራችን ላይ ጡሩምባህን እየነፋህ፣ ክኒኑን በባዶ ሆዴ ፊትህ እስክውጥ ቆምክ። ረመዳን ሲገባ አንተ ጾመህ ውለህ ለእኔ ቀትር ላይ ሾርባ ይዘህልኝ መጣህ። አንድ ቀን ግን ጮህክብኝ፤ ‹አቋርጠህ በሽታው መድኃኒቱን ከለመደ ይህ ክኒን ዳግመኛ አያድንህም› አልከኝ። ሳምንት ተኮራረፍን፤ ጡሩምባው ግን አንድም ቀን አልቀረም።»

የመዳኑ ምክንያት ይህ አንቀጽ ነው ቢባል ልስማማ እችላለሁ፤ ነቀርሳ ሕክምናው ከተቋረጠ መድኃኒቱን የሚለምድ ክፉ በሽታ ነው። ቢሆንም አመስጋኝ ጥፋቱን አይናገርም፣ የተመሰገነም አይቆጣም፤ በደንቡ መሠረት የታመመ ሁልጊዜ ታጋሽ፣ ያስታመመ ሁልጊዜ መልአክ ነው። «መልአክ ነህ» ብዬ ጻፍኩ። ጡሩምባ የሚነፋ መልአክ በሌላ ትርጉም እንዳይወሰድ ጡሩምባውን አወጣሁት።

ከግርጌ አንድ መስመር በወፍራም ቀለም ተሰርዟል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቼ አነበብኩት። ባለ ባጃጁ የዕቁቡን ብር ለመምህሩ የቤት ኪራይ አውሎታል።

«ይህንማ ለምን ሰረዝከው? ደብዳቤህ ውስጥ ለፌስቡክ የሚሆነው እኮ እሱ ብቻ ነው!» አልኩት።

«ሚስቱ አታውቅም፣ ጋሼ። ሌሎቹን እኔ እንዳየሁለት እንዲያውቅ ጻፍኳቸው፤ ይህን እሱ እንዲታይ አልፈለገም። በቃሌ እነግረዋለሁ፤ ብሩንም እመልሳለሁ።»

የወጣቱን አለማወቅ አዝኜ አለፍኩት። ሁለቱን ገጽ ሦስት መስመር አደረግኩለት፤ «ቃላት ያጥሩኛል» የምትለዋን መካከል አስቀመጥኳት። መምህሩ አንገቱን እየነቀነቀ አነበበና «ይህን ለእኔ የላከልኝ ሰው ቢኖር ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር» አለ። ሽማግሌ አያሳፍርም መቼም፣ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቴ ላከው። ሁለቱን ገጽ ግን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

መልስ ለመምጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ባለ ባጃጁ ጨዋ ሰው ነው፦ «አሜን፣ ለአንተም እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል። ከሥሩም፦ «ግን የምን በዓል ነው?»