«ሲግናሉ 85 ነው» ብሎኝ ሄደ

ሦስት ቅዳሜ በዲሽ ምክንያት አለቀብኝ። 800 ብርም ሄዷል። ዛሬ ካልተነፈስኩት አይወጣልኝም።

ሰኔ ላይ ቤት ቀየርኩ። ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ። የበፊቱ ተከራይ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሹን ጣሪያው ላይ ትቶት ነው የሄደው። ኬብሉን ከራሴ ሪሲቨር ጋር አገናኘሁና Blind Scan አስጀመርኩ። ቻናል ሞልቶ መጣ፣ ግን አብዛኛው አረብኛ ነው። ዲሹ ናይልሳት ላይ ነበር ማለት ነው። እናቴ ደግሞ የምትፈልገው የኢትዮሳት ቻናሎችን ነው። ማታ ዜና፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ዲሽ የሚሠራ ሰው ጠራሁ። ሃያ ደቂቃ ጣሪያ ላይ ቆየ። ዲሹን ወደ ምሥራቅ አዞረ፣ ወርዶ ቴሌቪዥኑን አየ። «ወንድሜ፣ ሲግናሉ 85 ነው። ከዚህ በላይ ምንም አይመጣም። የተበላሸው ሪሲቨርህ ነው፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ቻናል ግን አንድም የለም። ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

በጣም ያናደደኝ ይሄ 85 ነው። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር አለ። ከላይ Signal Strength፣ ከታች Signal Quality። እሱ ያነበበልኝ የላይኛውን ነው። የታችኛው ዜሮ ነበር።

የላይኛው መስመር የሚነግራችሁ በኬብሉ ወደ ሪሲቨሩ ምን ያህል ጉልበት እየገባ እንደሆነ ብቻ ነው። ከዲሹ ፊት ያለችው ኤልኤንቢ መብራት እስካገኘች ድረስ የራሷን ጫጫታም አጉልታ ትልካለች። ዲሹን ባዶ ሰማይ ላይ ብታዞሩት፣ ግድግዳ ላይ ብታዞሩት፣ ያ መስመር ከፍ እንዳለ ይቆያል። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ዲሹን ወደ ጎረቤት ሕንፃ አዞርኩት፣ ቁጥሩ አልወረደም። ኬብሉን ስነቅለው ግን ዜሮ ገባ። ስለዚህ 85 ማለት «ኬብሉ አልተቆረጠም፣ ኤልኤንቢዋም በሕይወት አለች» ማለት ነው። ስለ ሳተላይቱ ምንም አይናገርም። ቻናል መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው Quality ነው። እሱ የሚነሳው ሪሲቨሩ የፈለገውን ስርጭት ከጫጫታው መሀል ለይቶ ሲይዘው ብቻ ነው።

ይሄንን ሥራዬ ነው ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው እንዴት አያውቅም?

የባሰው ደግሞ ቆይቶ ታየኝ። ሪሲቨሩ Quality የሚለካው በዚያ ሰዓት በተመረጠችው ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው። ሰውዬው ዲሹን ሲያዞር ሪሲቨሩ የናይልሳት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ዲሹ ልክ ኢትዮሳት ላይ ቢያርፍ እንኳ Quality ከዜሮ አይነሳም ነበር። እሱ አንዱን ሳተላይት ይፈልጋል፣ ሪሲቨሩ ሌላውን ይጠብቃል። ሃያ ደቂቃው በሙሉ ባዶ ድካም ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ራሴ ወጣሁ። መጀመሪያ ሪሲቨሩን አስተካከልኩ። ዝርዝሩ ውስጥ ሳተላይቱ ስላልነበረ በእጄ ጨመርኩት። ኢትዮሳት የሚመጣው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ነው። ፍሪኩዌንሲውን ይሄን ጻፍኩ፦

```
11105 H 45000
```

ከዚያ አቅጣጫው። ናይልሳት ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ ነው፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ። ኢትዮሳት ግን ወደ ምሥራቅ ሆኖ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ሸርተት ይላል። ከፍታው ደግሞ 66 ዲግሪ ነው፣ ወደ አናት የቀረበ። ስለዚህ ማዞር ብቻ አይበቃም፣ ዲሹ በደንብ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት። የኔው ሰውዬ አዞረው እንጂ አላቀናውም። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። የኛ ዓይነቱ ሞላላ ዲሽ ከሚመስለው አቅጣጫ ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው፣ 25 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ፊቱ ሰማይ ሰማይ ካላየ ብላችሁ አትጨነቁ።

ወንድሜ ሳሎን ሆኖ ቁጥሩን በስልክ ያነብልኛል። «ስንት ነው?» «ዜሮ!» «አሁንስ?» «ዜሮ!» እንዲህ ስንል ሁለት ሰዓት አለፈ። ጥፋቱ ፍጥነቴ ነበር። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፣ የሚያየው ስፋት ሁለት ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠርዙን ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ስትገፉት አንድ ዲግሪ ሄደ ማለት ነው። ሪሲቨሩ ደግሞ ቁጥሩን ወዲያው አይቀይርም፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው። እኔ ሳተላይቱን አልፌው ስሄድ ሪሲቨሩ ገና ከበፊቱ ቦታ አልተላቀቀም።

ከዚያ በኋላ ብሎኑን በግማሽ አላልቼ፣ በግማሽ ጣት ስፋት ገፍቼ፣ እስከ አምስት እየቆጠርኩ መጠበቅ ጀመርኩ። ከፍታውን ትንሽ እቀይራለሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ እጠርጋለሁ፣ እንደገና ከፍታ። በአራተኛው ዙር ወንድሜ ጮኸ። «18! 18 መጣ!» እጄን ከዲሹ ላይ አላነሳሁም። ከዚያ ወደ 41 ወጣ። Search ሲያደርግ ቻናሎቹ ገቡ። ብሎኑን አጥብቄ ወረድኩ።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፣ እኔም አቆምኩ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። የዲጂታል ነገር ግን እንደ ድሮው አንቴና አይደለም። ሲደክም በረዶ እየዘነበበት አያስጠነቅቃችሁም። አፋፍ ላይ ሆኖም ፍጹም ጥርት ብሎ ይታያል፣ ትንሽ ሲጎድልበት ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይጠፋል። ማክሰኞ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። እናቴ ዜና እያየች ሳለ ምስሉ ድርቅ አለ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የሄደው ለኤልኤንቢዋ ነው። ዲሹን ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ስታዞሩ እሷም ባለችበት መጠምዘዝ አለባት። ስርጭቱ አግድምና ቁም እየተባለ ነው የሚላከው፣ የተጋደመችበት ማዕዘንም ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ለኢትዮጵያ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም። የኔዋ አሁንም ናይልሳትን እንዳየች ተቀምጣ ነበር። ማቀፊያዋን አላላሁና በቀስታ ጠመዘዝኳት። 41 የነበረው 68 ሆነ። ለአዲስ ኤልኤንቢ አንድ ብር አላወጣሁም።

68 የምለው ግን የኔ ሪሲቨር ቁጥር ነው። ፐርሰንቱን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚያሰላው። የጎረቤታችሁ 80 ከኔ 68 ሊያንስ ይችላል። ቁጥር የምታወዳድሩት በዚያው ሪሲቨር፣ በዚያችው ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ነው።

ሐምሌ ገባ። ትናንት እንደ ጉድ ዘነበ። ቁጥሩ ወደ 52 ወረደ፣ ምስሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ከሥር ያሉት ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ እናት። ያው ሰውዬ ለሳቸውም «ሲግናሉ ጥሩ ነው፣ ሪሲቨሩ ነው» ብሏቸው አዲስ ገዝተዋል። በአዲሱም ምንም አልመጣም። የድሮውን ከቁም ሳጥን አወጡልኝ። ወደ ቤቴ ወስጄ የኔን ኬብል ሰካሁበት፣ ፍሪኩዌንሲውን ጻፍኩበት። ቻናሎቹ በሙሉ ገቡ። ምንም አልሆነም ነበር።