ቃሉን አውጥታችሁ ትንፋሹን ጸሎት አትበሉት

«ዋናው ትንፋሹ ነው። ቃሉ ማጀቢያ ነው። ‹ጌታ ሆይ ማረኝ› ብትሉም፣ ‹አንድ፣ ሁለት› ብትሉም ለሰውነት ያው ነው።»

ሰሞኑን ስልክ ለስልክ ሲዞር የሰነበተው፣ አንድ የአተነፋፈስ አሠልጣኝ «ጥንታዊ ጸሎት» በሚል ርዕስ ያደረጉት ንግግር ይህ ነው። ያናደደኝ ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ የተከተለው ጭብጨባ ነው። ስንት ዓመት ሲጸልዩ የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ «እውነት ነው» ሲሉ ሰማሁ። እውነት አይደለም።

ከደካማው ልጀምር። «ለሰውነት ያው ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ጸሎት ለሰውነት ነው ያለው ማነው? ማስረጃ ተብሎ ሁልጊዜ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው የሉቺያኖ በርናርዲና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮቹን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ደገሙ፤ «ኦም ማኒ ፓድሜ ኦም» የሚለውን የቡድሂስቶች ቃልም ደገሙ። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ አለ። የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ሞገድም ከዚያው ጋር ተስማማ። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንደሚተነፍስ ስናስብ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ግን ጥናቱ የለካው ልብን፣ ደምንና ትንፋሽን ነው። የሰዎቹ ሐሳብ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር አልለካም። ማንን እየጠሩ እንደነበርም አልለካም። ያልተለካን ነገር «ያው ነው» ማለት ሳይንስ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ደግሞም ያንኑ ጥናት ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ተቃራኒውን ያያል። ትንፋሹን ማን አዘገየው? ቃሉ ነዋ! ሰው የሚናገረው አየር ሲያስወጣ ነው። በመቁጠሪያው ጸሎት መሪው ግማሹን ይላል፣ ሕዝቡ ግማሹን ይቀበላል። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ተራው የደረሰው ሰው የአረፍተ ነገሩን ርዝመት ያህል አየር ያስወጣል፤ ሌላው ሲናገር አየር ይስባል። በደቂቃ 6 የመጣው ከዚህ ነው። ያን ጸሎት ሲደግሙ የኖሩ ሰዎች የሰከንድ ቆጣሪ በእጃቸው አልነበረም። ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይበቃቸው ነበር።

አሠልጣኙ የሳቱት ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ቃልና ትንፋሽ የሚገናኙበት መንገድ ሁለት ነው። ሁለቱን መደባለቅ ሰው ይጎዳል። ድምፅ አውጥተህ ስትጸልይ ቃሉ ይመራል፣ ትንፋሹ ይከተላል። በልብህ ስትጸልይ ግን ትንፋሹ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ቃሉ በላዩ ይቀመጣል። በዝምታ ጸሎት ትንፋሽን ጎትቶ ለቃሉ ማስረዘም ስህተት ነው።

ምሳሌው ይኸው። «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ ሆይ፣ ኃጢአተኛውን ማረኝ» የሚለውን በዝምታ የሚጸልይ ሰው አስቡ። እስከ «ሆይ» ድረስ አየር ይስባል፤ በ«ኃጢአተኛውን ማረኝ» ያስወጣል። ሲነገር ያምራል። ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ነው፤ አየር መሳብ ደግሞ በተፈጥሮው ከማስወጣት አጭር ነው። ቃሉን ለመጨረስ ሲል ከሚያስፈልገው በላይ ይስባል። ደቂቃዎች ሲያልፉ ራሱ ቀለል ይለዋል። ጣቶቹንና ከንፈሩን ይነዝረዋል። ብዙ ጀማሪ «ጸጋ መጣ» የሚለው ይህንን ነው። ጸጋ አይደለም። ከመጠን በላይ በመተንፈሱ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሶ ነው። ሌላው ምልክት በየመሃሉ የሚመጣ ትልቅ የእፎይታ ትንፋሽ ነው። ሰውነት «አልተመቸኝም» እያለ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቃሉን ያሳጥር፤ ሲስብ «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ»፣ ሲያስወጣ «ማረኝ»። ወይም ረጅሙን በሁለት ትንፋሽ ያካፍለው። ጥሪው በመሳብ፣ ልመናው በማስወጣት ይሁን። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ትንሽ ይዘገያል፤ ልመናውም እዚያ ላይ ይረጋል። ያም ካልሆነለት ትንፋሹን ፈጽሞ ይተወው፣ ቃሉን በለሆሳስ ይበለው። ምን ጎደለበት? ምንም! ቃሉን ትቶ ትንፋሹን ቢይዝ ግን ጸሎቱ ራሱ የለም።

ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። ዮሐንስ ካሲያን በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የግብፅን መነኮሳት ትምህርት ሲጽፍ፣ ከመዝሙር 70 መክፈቻ የተወሰደችውን የ«እርዳኝ» ልመና በሥራም በመንገድም በመኝታም እንዲደግሟት ይነግረናል። እንዴት እንደሚተነፍሱ ግን አይነግረንም። ዮሐንስ ክሊማኮስ በ7ኛው መቶ ዘመን የኢየሱስ መታሰቢያ ከትንፋሽህ ጋር ይዋሐድ አለ፤ የአተነፋፈስ ስልት ግን አልዘረዘረም። ትንፋሽን አጥብቆ ያስተማረው በ13ኛው መቶ ዘመን በግሪክ የሚገኘው የአቶስ ተራራ መነኩሴ ኒኪፎሮስ ነው። ሐሳብህን ከምትስበው አየር ጋር ወደ ልብህ አስገባ ይላል። ከዚያስ? እዚያ ስትደርስ ሐሳብህ ሥራ ፈት ሆኖ ዝም አይበል፣ የኢየሱስን ጸሎት ስጠው ይላል። ማስገባቱ ያልተሳካለትም ያንኑ ጸሎት ይዞ ይቀጥል ይላል። እንግዲህ በትንፋሽ ወዳጅነቱ የሚታወቀው መምህር እንኳ ትንፋሹን በር አደረገው እንጂ ቤት አላደረገውም።

በ14ኛው መቶ ዘመን ባርላም የተባለው የካላብሪያ ሰው እንዲህ በትንፋሽ የሚጸልዩትን የአቶስ መነኮሳት «ነፍሳቸው በእምብርታቸው ያለች» ብሎ ሲሳለቅባቸው፣ ጎርጎርዮስ ፓላማስ የመለሰለት መልስ ዛሬም ይሠራል። ትንፋሽን መከታተል በተለይ ለጀማሪ ነው፤ ሐሳቡ ቶሎ ስለሚበተን። በምዕራቡም ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ከትንፋሽ እስከ ትንፋሽ አንድ የ«አባታችን ሆይ» ቃል ብቻ እንዲባል አስተምሯል። በመሃሉ ያለውን ጊዜ በምን ሙላው አለ? በቃሉ ፍቺ፣ ወይም በሚጸለይለት አምላክ። በቁጥር አላለም።

ትንፋሽ መቁጠር የቡድሂስቶች የታወቀ ልምምድ ነው፤ ክብሩን አልነካም። ሐሳብን ይሰበስባል። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ ጸሎት ነው አይሉትም። በታይላንድ የደን መነኮሳት ዘንድ አየር ሲስቡ «ቡድ»፣ ሲያስወጡ «ዶ» የሚሉም አሉ። ያንን ቃል የመረጡት መምህራቸውን ቡድሃን ስለሚያስታውሳቸው ነው። ቃሉ ለእነሱም ማጀቢያ አይደለም።

ጭንቀቱን ማርገብ የፈለገ ሰው በደቂቃ 6 ጊዜ ይተንፍስ፤ ማንም አይከለክለውም። ሥልጠናውንም በስሙ ይጥራው፣ የመተንፈስ ሥልጠና ይበለው። አሠልጣኙ ግን ንግግሩን ያደረጉት «ጥንታዊ ጸሎት» በሚል ርዕስ ስር ነው። ርዕሱን ይቀይሩት፤ ካልሆነም ቃሉን ይመልሱት።