ቀብዳችን በዝናብ ተበላ

ጅማ ላይ በሐምሌ የኳስ ሜዳ የሚይዝ ሰው እብድ ነው በሉኝ፣ እሺ። ግን ከሥራ በኋላ ሌላ መቼ እንጫወት?

ቀን ላይ ሰዓቱ 700 ብር የሆነው ሜዳ ከ11 ሰዓት በኋላ 1,200 ይገባል። መብራትም ነው፣ ፈላጊም ይበዛል፣ ይሁን። አስር ሆነን 120፣ 120 ብር አዋጣን። ግማሹን፣ 600 ብር፣ ቀብድ አስቀድመን ላክን። ለ12 ሰዓት ነበር የያዝነው፣ 11፡30 ላይ ሰማዩ ተቀደደ።

ደወልኩ። «ሜዳው ክፍት ነው፣ ካልመጣችሁ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ ሜዳውን የሚያከራየው ልጅ። በስብሰን ሄድን። ጎሉ ጋ ውሃ ተኝቷል። ኳሷን ከደረቴ ከፍታ ለቀቅኳት፣ ዱብ ብላ እዚያው ቀረች። ገፋ ሳደርጋት ሁለት ሜትር ሳትሄድ ቆመች። ዳኛም ቢሆን ሜዳ የሚፈትነው እንዲሁ ነው! ልጁ ግን በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ «ካፊያ እኮ ነው» ይላል።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ወደ ሌላ ቀን አዛወረልን፣ ማክሰኞ 8 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ሁላችንም ሥራ ላይ በሆንንበት ሰዓት። ደግሞ የ700 ብሩ ሰዓት ስለሆነ 100 ብር ብቻ እንጨምራለን ብዬ ነበር። የለም፣ ቀብዱ የተከፈለው በማታ ዋጋ ነውና ቀሪውም በማታ ዋጋ ነው አለ፣ 600 ብር!

ዝናብ ሲጥል ማን ይወስናል፣ ኳሷ ወይስ ባለ ሻዩ? ይህን በጽሑፍ ሳናስልክ ቀብድ መላካችን ነው ያናደደኝ። ማክሰኞ ማንም አልሄደም።