ኬልቄዶን ላይ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ማን ነው?

ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተከራከረው የኬልቄዶን ጉባኤ ሲነሳ እኛ ተዋሕዶዎች ቤት ቶሎ ትዝ የሚለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የቅዱስ ዲዮስቆሮስ የተነጨ ጢምና የወለቀ ጥርስ ነው። ትውፊቱ የታወቀ ነው። ለእኔ ግን የቤተ መንግሥቱ እጅ ይበልጥ የሚታየው ድብደባው ላይ አይደለም። ጥቅምት 22 ቀን 451 እ.ኤ.አ. በዋለው የጉባኤው አምስተኛ ስብሰባ ላይ ነው።

ነገሩ ከፈረስ ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በፊት ኤፌሶን ላይ ሌላ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የጠራው ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዳግማዊ ነው። ዲዮስቆሮስን ሰብሳቢ ያደረገውም እሱ ነው። ጉባኤው በክህደት ተከስሶ የነበረውን መነኩሴ አውጣኪን ነጻ አወጣ፣ የቁስጥንጥንያውን ሊቀ ጳጳስ ፍላብያኖስን ሻረ። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ልዮን ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ብሎ የላከው ደብዳቤ እንኳ ሳይነበብ ቀረ። ልዮን ሌላ ጉባኤ ይጠራ ብሎ ቢወተውትም ንጉሡ ያለቀ ጉዳይ ነው አለ። ከዚያ በ450 ሐምሌ ላይ ፈረሱ ጣለውና ሞተ። እህቱ ብርክልያ መርቅያን የሚባለውን ወታደር አግብታ ዙፋን ላይ አወጣችው። ሁለቱም የልዮን ደጋፊዎች ናቸው። ፈረሱ ባይጥለው ኖሮ ኬልቄዶን የሚባል ጉባኤ መኖሩ ራሱ ያጠራጥረኛል።

ጉባኤው መጀመሪያ የተጠራው ኒቅያ ላይ ነበር። መርቅያን ግን በቅርብ ሊከታተለው ስለፈለገ ከቁስጥንጥንያ ባሕር ማዶ ወዳለችው ኬልቄዶን አዞረው። መድረኩን የሚመሩት ጳጳሳት ሳይሆኑ የንጉሡ ባለሥልጣናት ነበሩ። ዲዮስቆሮስ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተሻረ።

አምስተኛው ስብሰባ ላይ ጳጳሳቱ ያዘጋጁት የሃይማኖት መግለጫ ቀረበ። መግለጫው ክርስቶስን «ከሁለት ባሕርይ» ይለዋል። አብዛኞቹ ጳጳሳት ደስ ብሏቸው «ይህ የአባቶች ሃይማኖት ነው» ብለው ጮኹ። የሮም መልእክተኞች ግን ተቆጡ። የልዮንን ደብዳቤ ካልተቀበላችሁ ሄደን ጉባኤውን እዚያው በአገራችን እናደርጋለን አሉ። ባለሥልጣናቱም መግለጫው ይስተካከል ሲሉ ጳጳሳቱ እምቢ አሉ።

ይህች «ከ» ቀላል አይደለችም። «ከሁለት ባሕርይ» ያለ ሰው ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ባሕርይ ማለት ይችላል። ከዲዮስቆሮስ በፊት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቄርሎስ ያስተማረው እንደዚያ ነው፣ እኛም እስከ ዛሬ የምንለው ይህንኑ ነው። «በሁለት ባሕርይ» ከተባለ ግን ሁለትነቱ ከተዋሕዶ በኋላም ይቀጥላል። ዲዮስቆሮስ ራሱ «ከሁለት» የሚለውን እቀበላለሁ፣ «ሁለት» የሚለውን ግን አልቀበልም ብሎ ነበር። ስለዚህ የቀረበው መግለጫ የተሻረውን ሰው አያወግዝም። የቁስጥንጥንያው አናቶልዮስም ዲዮስቆሮስ የተሻረው በሃይማኖት ምክንያት አይደለም ብሎ እዚያው ተናገረ። ልዮንን ስላወገዘና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልመጣ ነው አለ። ይህን ያለው ደግሞ ከሳሹ ወገን መሆኑ ልብ ይባል!

ጉዳዩ ወደ ንጉሡ ሄደ። መልሱ ቶሎ መጣ። ወይ ኮሚቴ ተቋቁሞ መግለጫውን ያስተካክል፣ ወይ እያንዳንዱ በሊቀ ጳጳሱ በኩል እምነቱን ያሳውቅ፣ አለዚያ ጉባኤው ወደ ምዕራብ ይዛወራል። ጳጳሳቱ አሁንም አንገራገሩ። የማይቀበል ካለ ሮም ይሂድ ብለው የጮኹም ነበሩ። ያኔ ባለሥልጣናቱ ጥያቄውን አጠበቡት፦ ዲዮስቆሮስ «ከሁለት» ይላል፣ ልዮን ደግሞ ሁለት ባሕርይ አለ ይላል፤ እናንተ የማን ናችሁ? ከሻሩት አሥር ቀን እንኳ ያልሞላውን ሰው ማን ደፍሮ ይምረጥ? «የልዮን!» አሉ። ኮሚቴው ገብቶ ሲወጣ መግለጫው «በሁለት ባሕርይ» ሆኗል። ጥቅምት 25 ቀን መርቅያን ራሱ ተገኝቶ ተነበበ። «አዲሱ ቆስጠንጢኖስ» ተብሎም ተጨበጨበለት።

እንግዲህ ንጉሡ ትምህርቱን ፈጠረው ማለት ስህተት ይሆናል። «ሁለት ባሕርይ» ከመርቅያን በፊት የሚያምኑበት ሰዎች ነበሩት። ጳጳሳቱም አሻንጉሊት አልነበሩም፤ የልዮንን ደብዳቤ ከቄርሎስ ጽሑፍ ጋር እያስተያዩ መርምረውታል። ንጉሡ ያደረገው ክርክሩ የት ላይ እንደሚቆም መወሰን ነው። ጳጳሳቱ ባቆሙበት ቢቆም ኖሮ ግብፆችም ሮሞችም በየፊናቸው ሊተረጉሙት የሚችሉት ቃል ይቀር ነበር።

ታዲያ እኛ ይህን ስንናገር ኤፌሶንን መዝለል የለብንም። በ449ም ወታደር አዳራሽ ገብቷል። በኋላ ኬልቄዶን ላይ ባዶ ወረቀት ላይ አስፈረሙን ያሉ ጳጳሳት ነበሩ። ራሳቸውን ለማዳን ያሉት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የንጉሥ ጫና መጥፎ የሚሆነው ሌላው ወገን ሲያሸንፍ ብቻ ከሆነ ክርክራችን ውሃ አይቋጥርም።

መርቅያን ቃሉን ማስመረጥ ችሏል፣ ማስቀበል ግን አልሆነለትም። በዲዮስቆሮስ ወንበር የተተካው ጳጳስ እስክንድርያ ላይ የሚኖረው በወታደር ጥበቃ ነበር። መርቅያን በ457 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ጳጳሱን ገደለው። በ482 ንጉሥ ዘይኑን «ከ»ንም «በ»ንም ያላነሳ አዋጅ አውጥቶ ሁሉንም ለማስታረቅ ሞከረ። ሮም በዚህ ተቆጥታ ከቁስጥንጥንያ ጋር ከ484 ጀምሮ ለ35 ዓመት ተቆራረጠች።