«ሎው ድሮፕአውት» የተባለ ሁሉ ቀዝቃዛ አይደለም

ወገኖች፣ ዛሬስ ሳልናገር አላድርም። ከ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ስልክ ቻርጅ እንድታደርግ ተብላ የተሠራች ትንሽ ሰርኪዩት ለጥገና በመጣችልኝ ቁጥር ስከፍታት የማገኘው ያው ነው፤ ሂት ሲንክ ያልተገጠመለት አንድ 7805 ሬጉሌተር፣ በዙሪያው የጠቆረ ቦርድ፣ በሙቀት የተጨማደደ የፕላስቲክ ሽፋን። የባለቤቱም ቃል አይለወጥም፦ «ፎርጅድ ሆኖ ነው የሚግለው፤ ኦሪጅናሉን ቀይርልኝ።» ኦሪጅናሉም ቢገባ እኩል እንደሚግል ስነግረው ሥራው የከበደኝ ይመስለዋል።

7805 ሊኒየር ሬጉሌተር ነው፤ ይህም ማለት በባትሪውና በስልኩ መካከል የተቀመጠ፣ የተረፈውን ቮልቴጅ በራሱ ላይ የሚያስቀር ትራንዚስተር ነው። ከረንቱን አይቀንስም፤ ስልኩ ግማሽ አምፔር ከሳበ ከባትሪው የሚወጣውም ያው ግማሽ አምፔር ነው። ስለዚህ ከ12 ቮልት ወደ 5 ሲወርድ የቀሩት 7 ቮልቶች በግማሽ አምፔር ተባዝተው 3.5 ዋት ሙቀት ይሆናሉ፤ ስልኩ ግን የሚያገኘው 2.5 ዋት ብቻ ነው። ፀሐይ ወጥታ ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ 14.4 ቮልት ሲደርስ ደግሞ ስልኩ ያገኘው ሳይጨምር የሬጉሌተሩ ሙቀት ወደ 4.7 ዋት ያድጋል። «ቀን ቀን ይብስበታል» እያሉ የሚያማርሩት ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱ ግን የአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም።

7805 ያለ ሂት ሲንክ ለሚያቃጥለው ለእያንዳንዱ ዋት ውስጡ ከአካባቢው አየር በ65 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። 3.5 ዋቱን በዚህ ካባዛነው ከ220 ዲግሪ በላይ ይመጣል፤ ቺፑ ግን እዚያ ሳይደርስ፣ 150 ዲግሪን አለፍ እንዳለ፣ ራሱን ለማዳን ውጤቱን ያቋርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይመልሳል። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀምሮ የሚያቆመው፣ አቁሞም የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህስ ይሁን። ከሁሉም በላይ የሚያበግነኝ ግን «ሎው ድሮፕአውት ቀይርበት፣ አይሞቅም» የሚለው ምክር ነው። ድሮፕአውት ማለት ሬጉሌተሩ 5 ቮልቱን አስተካክሎ ለመስጠት ከላይ የሚያስፈልገው ትንሹ ትርፍ ነው። ለ7805 ይህ ትርፍ 2 ቮልት ገደማ ስለሆነ ግብዓቱ ከ7 ቮልት በታች ሲወርድ ውጤቱም አብሮ ይወርዳል፤ ሎው ድሮፕአውት ከሚባሉት አንዱ ለሆነው ለ1117 ግን 1 ቮልት ከጥቂት ይበቃዋል። እንግዲህ ይህ ቁጥር የሚነግረን ግብዓቱ እስከ የት ዝቅ ሊል እንደሚችል እንጂ ሬጉሌተሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ አይደለም። ባትሪው 12 ቮልት እስከሆነ ድረስ ሁለቱም ላይ የሚቀረው ያው 7 ቮልት፣ የሚወጣውም ያው 3.5 ዋት ነው። እንዲያውም 1117 አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቦርዱ ላይ ተለጥፎ በሚበየድ ትንሽ አካል ስለሆነ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ሰፊ መዳብ ካልተዘጋጀለት ከ7805 ቀድሞ ያቋርጣል። ጥቅሙ የሚታየው ግብዓቱ 6.5 ቮልት አካባቢ በሆነበት ቦታ ነው፤ እዚያ 7805 ከነጭራሹ 5 ቮልቱን አይጠብቅም፣ 1117 ግን ይጠብቃል፣ ልዩነቱም 1.5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ በግማሽ አምፔር ከአንድ ዋት አይደርስም።

ሁለቱን ችግሮች ለመለየት ሬጉሌተር መቀየር አያስፈልግም። ስልኩ እንደተሰካ በመልቲሜትር ግብዓቱንና ውጤቱን መለካት ይበቃል። ግብዓቱ ከ7 ቮልት ወርዶ ውጤቱም ገና ሲሰካ ከ5 ካነሰ ጉዳዩ ድሮፕአውት ነው። ግብዓቱ ደህና ሆኖ ውጤቱ ጥቂት ቆይቶ ከወደቀ፣ ሲቀዘቅዝም ከተመለሰ፣ ሙቀት ነው። ጣት አስነክቶ መፈተሽ ግን ይቅርባችሁ፤ ቺፑ ያቃጥላል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለኝ ሰው፣ ከሬጉሌተሩ በፊት 6.8 ኦም የሆነ የ5 ዋት ሬዚስተር በመስመሩ ላይ ቢገባ በግማሽ አምፔር 3.4 ቮልት እሱ ላይ ይቀራል፤ በ14.4 ቮልት የሬጉሌተሩ ድርሻ ከ4.7 ወደ 3 ዋት ይወርዳል። ጠቅላላ ሙቀቱ ግን ያው ነው፣ ቦታ ብቻ ተካፈለ፤ 3 ዋቱም ቢሆን ሂት ሲንክ ይፈልጋል። ስልኩ አንድ አምፔር ከሳበማ ሬዚስተሩ 6.8 ቮልት ስለሚያስቀር፣ ባትሪው 12 ላይ ሆኖ እንኳ ሬጉሌተሩ ጋ የሚደርሰው 5.2 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ይኸኔ ድሮፕአውት የተባለው ነገር በእርግጥ ይመጣል። ስለዚህ ከ12 ቮልት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የሚገባው ትርፉን በሙቀት የማያቃጥለው ስዊቺንግ የሚባለው ማውረጃ ነው፤ 7805ን በጥቂት ሚሊአምፔር ለሚሠሩ ሰርኪዩቶች ተዉት።