«በልታ ጠጥታ» ተብሎ የሚዘጋ ሂሳብ

«ቤቴ በልታ፣ ጠጥታ፣ ለብሳ የኖረች ልጅ ስትወጣ ከደመወዟ ሌላ ምን ይገባታል ትያለሽ?» (ባሕር ዳር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ)

ከሁሉ በፊት ያው ደመወዟ ይገባታል፤ እርሱም ቢሆን ተሟልቶ አልተሰጣትም። ይህን የምለው ሮም ከተማ በሰው ቤት ለብዙ ዓመታት አድሬ የሠራሁ፣ አሠሪዬም ስትሞት የስንብት ሂሳቤን ፈርሜ የተቀበልሁ ሰው ሆኜ ነው። ሽምብጥ በሚገኘው ቤትሽ በእንግድነት በተቀመጥሁበት ሰሞን ያቺ ልጅ እንዴት እንደተሸኘች በዓይኔ ስላየሁ፣ ጉዳዩን ያየሁትን ከኖርሁት ጋር እያስተያየሁ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ፤ ሌላም አሠሪ ቢያነበው አይከፋኝም።

ልጅቱ ከአዴት በኩል የመጣች ናት። በወር 3,000 ብር እየታሰበላት አንድ ዓመት ከሰባት ወር አገልግላለች። የተሰናበተችው ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን፣ የእራቱን ዕቃ አጥባ ከጨረሰች በኋላ ነው። ጥፋት አልተገኘባትም፤ ደላላው «የተሻለች፣ ዳቦም የምትደፋ ልጅ አለችኝ» ስላለና አዲሷ በማግሥቱ ጠዋት ስለምትገባ ብቻ ነበር። ሻንጣዋ በረንዳ ላይ ተዘርግፎ ተፈተሸ፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ የቅባት ዕቃና የማታ ትምህርት ደብተር ወጣ። «እትዬ፣ በዚህ ሰዓት መኪና አላገኝም» ስትል ማንም አልሰማትም። ጊዜው ደግሞ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ የሚዘጋበት ነበር። በመጨረሻም ጎረቤት የምትሠራ የአገሯ ልጅ የኩሽናዋን ፍራሽ አካፍላት አደረች።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ልጅቱ ደመወዟን በየወሩ አትቀበልም ነበር፤ «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ተብላ የአምስት ወር ደመወዝ ማለትም 15,000 ብር እመቤቷ ዘንድ ተቀምጦላታል። ከዚያ ላይ ለእናቷ የማዳበሪያ መግዣ 4,000 ብር አስቀድማ ስለወሰደች 11,000 ብር ይቀራታል። በስንብቱ ምሽት ግን ለተሰበረ ቴርሞስ 1,500፣ ለበዓል ለተገዛላት ጫማ 1,200፣ አንድ ዓመት ከሰባት ወር በፊት ለደላላ ለተከፈለው ደግሞ 800 ብር ተቆረጠባትና 7,500 ብር ተቆጥሮ ተሰጣት። የሠራችባቸው 12 ቀናት «ወሩ ስላልሞላ» ጭራሽ አልታሰቡም።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ የ12 ቀን ነገር ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ሆኖ የሚያልቅ፣ ለማካፈል እንደርሱ የሚመች ወር የሌለ ሆኖ ሳለ፣ 3,000ን ለ30 አካፍሎ በቀን 100 ብር፣ በ12 ቀን 1,200 ብር ማለት እንዴት ያቅታል? ጫማውም ቢሆን ሲሰጣት «እንኳን አደረሰሽ» ተብሎ ነው፤ ስጦታ ሆኖ ገብቶ ዕዳ ሆኖ ወጣ። የደላላውን ክፍያም ደላላውን የጠራው ሰው ሊሸከመው ይገባል።

አሁን ወደ «በልታ ጠጥታ» እመለሳለሁ፤ ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ የጎላው እዚህ ላይ ነውና። እኛ ዘንድ ምግብና ማደሪያ እንደ ውለታ ስለሚታይ፣ በስንብት ቀን የሠራተኛዋን ጥያቄ ማፍረሻ ሆኖ ይቀርባል። ኢጣልያ ውስጥ ግን በአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ የምትበላው ምግብና የምታድርበት ክፍል የደመወዟ አካል ነው፤ በየዓመቱ በሚወጣ ተመን በገንዘብ ይተመንና ታኅሣሥ ላይ በሚሰጠው 13ኛ ወር ደመወዝም ሆነ በስንብት ክፍያው ስሌት ውስጥ ይገባል። በዓመት ፈቃዷ ጊዜ ከቤቱ ወጥታ ብትቆይ እንኳ ያልበላችው ምግብ ዋጋ ይከፈላታል። እዚያ ምግቡ ሂሳቡን ከፍ ሲያደርገው እኛ ዘንድ ያጠፋዋል። ስለ 13ኛው ወር ካነሣን ደግሞ፣ ፈረንጆቹ 12 ወር ብቻ ኖሯቸው 13 ደመወዝ ሲከፍሉ፣ 13 ወር ያለን እኛ የጳጉሜንን ቀናት በነጻ ማሠራታችን ቢያስቅም አያኮራም።

የስንብት ክፍያው፣ እዚያ ያሉ ሐበሾች «ሊኩዊዳሲዮኔ» የሚሉት፣ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የዓመቱ ክፍያ ተደምሮ ለ13.5 ይካፈላል፤ ለየዓመቱ የሚወጣው ውጤት በጥቂት ወለድና በዋጋ ንረት እየታደሰ ይጠራቀማል። ጥፋት ኖረም አልኖረም፣ ሠራተኛዋ ተሰናብታም ሆነ በፈቃዷ ለቅቃ ብትወጣ ይከፈላታል፤ በሠራችበት ዘመን የተጠራቀመ የራሷ ገንዘብ ነውና። ከዚህ የተለየው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ የምትሠራ ሠራተኛ አገልግሎቷ እስከ አምስት ዓመት ከሆነ 15 ቀን፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ 30 ቀን አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ ካልተነገራት የእነዚያ ቀናት ደመወዝ ይከፈላታል። አሠሪው ቅጥሩ መቋረጡን በአምስት ቀን ውስጥ ለማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት።

እኔ አምስቱን ዓመት አልፌ ስለነበር፣ ሲኞራዋ በሞተች ሰሞን ልጆቿ የ30 ቀን ደብዳቤ ሰጡኝ። ልጆቿ እንደማይወዱኝ አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን የጻፉት ግን ባይጽፉትም የ30 ቀኑን ደመወዝ መክፈላቸው ስለማይቀር ነው። በዚያ ወር ውስጥ ሌላ ቤት ፈልጌ፣ ዕቃዬን በካርቶን አድርጌ፣ ያልወሰድሁት የዓመት ፈቃድም ታስቦልኝ ወጣሁ። በሰው ቤት ለሚያድር ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሌላው ሠራተኛ ሥራውን ቢያጣ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እርሷ ግን ሥራዋንና አልጋዋን በአንድ ሰዓት ታጣለች።

የአዴቷን ልጅ በዚህ ሚዛን ብናስቀምጣትስ? በእጅሽ የነበረው ቀሪ ደመወዟ 11,000 ብር፣ የ12 ቀኑ 1,200 ብር፣ በድንገት ስለወጣች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያዋ 1,500 ብር ይሆናል። የስንብት ክፍያውን ምግብና ማደሪያውን ትቼ በጥሬ ደመወዙ ብቻ ላስላው፤ የዓመቱ 36,000 ብር ለ13.5 ሲካፈል 2,667 ብር ገደማ ስለሚመጣ፣ ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር 4,200 ብር ያልፋል። በድምሩ ወደ 17,900 ብር ይጠጋል። የተሰጣት 7,500 ብር ነው። የኢጣልያ ሕግ ሽምብጥ ድረስ አይመጣም ብትዪኝ እውነትሽን ነው፤ የስንብት ክፍያውንም ማስጠንቀቂያውንም ብናስቀረው ግን ጥርት ያለው የላቧ ዋጋ ብቻ 12,200 ብር ነበር።

ኢጣልያንም ገነት አላደርጋትም። በጥቁር፣ ማለትም ያለ ውል የሚሠሩ ስንት ሐበሾች አሉ፤ ስምንት ሰዓት እየሠሩ አራት ሰዓት የሚጻፍላቸውም እንዲሁ፤ የስንብት ክፍያቸውም በተጻፈው ልክ ያንሳል፤ ቀሪውን ለማስመለስ የሠራተኛ ማኅበር ቢሮ ሲመላለሱ ይከርማሉ። ልዩነቱ የሚመላለሱበት ቢሮ መኖሩ ነው።

የእኛስ ሕግ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ያዝዛል፤ ውሉ ሲቋረጥም ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ይላል። በግል ድርጅት ተቀጥረሽ ስለምትሠሪ አንቺ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። የቤት ሠራተኛ ቅጥር ግን ከዚህ ወጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲመራ ተትቷል፤ ደንቡን በእጁ ይዞ ያሳየኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ስለሚኖሩ ሠራተኞች ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ ነገር ግን አንዲት የገጠር ልጅ ለ4,700 ብር ፍርድ ቤት ትቆማለች ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው? ስለዚህ ሂሳቡ የሚያርፈው በእመቤቲቱ ኅሊና ላይ ብቻ ነው።

«እነርሱስ በሌሊት ጥለውን ሲጠፉ?» የሚለው አቤቱታ እውነት አለው። በዓል አሳልፋ፣ ሕፃን አስተኝታ፣ ቁልፉን በመስኮት ጥላ የሄደች አለች። ኢጣልያ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛዋንም ያስገድዳል፤ የእርሷ ጊዜ የአሠሪው ግማሽ ሆኖ፣ ሳትናገር ከወጣች የቀናቱ ደመወዝ ከሂሳቧ ይነሣል። እኛ ዘንድ ግን ልጅቱ እንዳትጠፋ ደመወዟ ይያዛል፤ ደመወዟ ስለተያዘና ብትናገር እንደማይሰጣት ስለምታውቅ፣ አንድ ሁለት ወር የተቀበለች ቀን በሌሊት ትሄዳለች። በየወሩ በእጇ ወይም በቴሌብር የተከፈላት ሠራተኛ ግን «በሚቀጥለው ወር እወጣለሁ» ለማለት የሚያስፈራት ነገር የለም። የተሰናበተች ሠራተኛ ልጄን ትጎዳብኛለች ብሎ የሚሰጋ ካለ ደግሞ 15 ቀን አብሮ መክረም ግዴታው አይደለም፤ የ15 ቀኑን ገንዘብ ሰጥቶ፣ በማግሥቱ ጠዋት መኪና በሚገኝበት ሰዓት መሸኘት ይችላል።

የአክስቴ ልጅ ይህን ቀደም ብዬ በስልክ ስነግራት ተቆጥታ «እታለም፣ አንቺ ፈረንጅ ሆነሽ ቀርተሻል» ብላኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የ12 ቀኑን 1,200 ብርና የጫማውን 1,200 ብር ለልጅቱ በስልክ እንደላከች ነገረችኝ። የደላላውን 800 ብር «እርሱን አስቤበት» ብላለች። በቴርሞሱ ላይ ግን አልተስማማንም፤ የሰበረው የራሷ ልጅ መሆኑን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እርሷ ደግሞ ልጄ ቴርሞስ አይነካም ትላለች።