ማስተካከያ፦ ሁለት ስፒከር ስለማገናኘት

«ሁለቱም ስፒከሮች የብሉቱዝ ቨርዥናቸው እኩል ከሆነ ብራንዳቸው ቢለያይም ስቴሪዮ ይሆናሉ።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው። በዚህ ተማምናችሁ ስፒከር የገዛችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ።

በተለመደው ብሉቱዝ ስልኩ ሙዚቃውን የሚልከው ለአንድ ስፒከር ነው። ያ ስፒከር ለሁለተኛው የሚያቀብልበትን መንገድ ደግሞ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ነው የሠራው። የሌላው ብራንድ ቋንቋውን አያውቅም።

ብራንዱ አንድ ሆኖም ላይሠራ ይችላል። ጄቢኤል ቻርጅ 4 እና ፍሊፕ 5ን እንውሰድ። ሁለቱም ብሉቱዝ 4.2 ናቸው። ግን ቻርጅ 4 ኮኔክት ፕላስ፣ ፍሊፕ 5 ደግሞ ፓርቲቡስት የሚባል የተለያየ የማገናኛ መንገድ ስለሚጠቀሙ አይገናኙም። የስፒከሩ ማገናኛ ቁልፍ ላይ ያለውን ምልክት እዩ፤ የፓርቲቡስት የተጋደመ 8 ይመስላል። ፓርቲቡስት ያላቸው የተለያዩ ሞዴሎች በፓርቲ ሞድ አብረው ይጫወታሉ። ግራና ቀኝ ለይቶ ለሚያጫውት ስቴሪዮ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞዴል መሆን አለባቸው።

ብራንዳቸው የተለያየ ስፒከሮች አሉኝ ለምትሉ፣ ብዙ የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮች «Dual audio» የሚል አማራጭ አላቸው። ስልኩ ራሱ ለሁለቱም ይልካል። ስቴሪዮ ግን አይደለም፤ ሁለቱም ያንኑ ድምፅ ነው የሚያሰሙት። አንደኛው ትንሽ ሊዘገይም ይችላል። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው እንደ ማሚቶ ከተሰማችሁ መዘግየቱ እሱ ነው።